ባሕር በቀን ሁለት ጊዜ የሚሞላው ስለ ምንድር ነው?

የደጋ ሰው መጀመሪያ ጊዜ ወደ ምጽዋ ወይም ወደ አሰብ ወርዶ በባሕር ዳር ቢያድር፣ ማታ ደርቆ ያየውን አሸዋ ጧት በውኃ ተሸፍኖ ሲያገኘው መገረሙ አይቀርም። ዝናብ አልዘነበም፤ ወንዝ አልሞላም፤ ነፋስም አልነፈሰም። ከጥቂት ሰዓት በኋላ ደግሞ ውኃው እንዳመጣጡ ቀስ ብሎ ይሸሻል፤ ዛጎሉና ድንጋዩም እንደ ገና ይገለጣል። በዚያው ተወልዶ ያደገ ዓሣ አጥማጅ ግን አይገረምም። ጀልባውን መቼ ወደ ውኃ እንደሚገፋ፣ መቼስ ውኃው ሸሽቶ አሸዋ ላይ እንደሚያስቀረው ከአባቱ ተምሮ ያውቃል።

ይህን የውኃ መውጣትና መውረድ በዚህ ጽሑፋችን የባሕር ሙላትና የባሕር ጉድለት እንለዋለን። ከማዕበል ጋር ግን እንዳይደባለቅብን ያስፈልጋል። ማዕበል ነፋስ የሚያስነሣው ነው፤ ነፋሱ ሲተኛ እርሱም ይተኛል። ሙላት ግን ሰማዩ ጥርት፣ አየሩም ጸጥ ባለበት ቀን እንኳ ሰዓቱን ጠብቆ ይመጣል።

ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጅ ያለው ቤት ሁሉ ስለዚህ ነገር አንድ አጭር መልስ ሰምቶ ይሆናል፤ ይኸውም «ጨረቃ ውኃውን ወደ ራስዋ ስለምትስበው ነው» የሚል ነው። መልሱ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን ጎዶሎ ነው። አስተዋይ ልጅ ቢኖር ወዲያው እንዲህ ብሎ ሊጠይቅ ይችላል፦ «ምድር በቀን አንድ ጊዜ ብቻ በራስዋ ዙሪያ የምትዞር ከሆነች፣ እኛ ያለንበት ስፍራም በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ወደ ጨረቃ የሚዞር ከሆነ፣ ባሕሩ ሁለት ጊዜ የሚሞላው ስለ ምን ነው? በጨረቃ በኩል ያለው ውኃ ቢነሣ ይገባኛል፤ ከምድር ወዲያ ማዶ፣ ጨረቃ በማትታይበት በኩል ያለውስ ውኃ ማን አነሣው? እንዲያውም ጨረቃ ወደ ምድር ልትጫነው አይገባምን?»

እንዲህ ያለውን ጥያቄ አባትና እናት በቍጣ ሊመልሱት አይገባም፤ ታላላቅ ሊቃውንትንም አስቸግሮ የነበረ ነውና። የኢጣልያው ጋሊሌዮ እ.ኤ.አ. በ1632 ባሳተመው መጽሐፉ ሙላትን የሚያመጣው የምድር መንቀሳቀስ ነው እንጂ ጨረቃ አይደለችም ብሎ ተከራክሮ ነበር። ነገሩን ለጨረቃ የሰጠውን ኬፕለርን ሳይቀር ነቅፎታል። ነገር ግን የጋሊሌዮ ሐሳብ በራሱ የሚያስገኘው በቀን አንድ ሙላት ብቻ ነበርና ሁለተኛውን ለማስረዳት ልዩ ልዩ ምክንያት መጨመር ግድ ሆነበት። የምሥጢሩ ቍልፍ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1687 የእንግሊዙ ይሥሐቅ ኒውተን ስለ ስበት የጻፈውን መጽሐፍ ባወጣ ጊዜ ነው።

ቍልፉ ይህ ነው፤ ሙላትን የሚሠራው የጨረቃ ስበት ራሱ ሳይሆን የስበቱ ልዩነት ነው። ጨረቃ የምትስበው ባሕሩን ብቻ አይደለም፤ ድንጋዩንም፣ ተራራውንም፣ የምድርን እምብርትም ትስባለች። ሁሉንም እኩል ብትስባቸው ኖሮ ሁሉም አብረው ይሄዱ ነበርና ውኃው ከምድሩ የሚለይበት ምክንያት ባልኖረ ነበር። ነገር ግን ስበት በርቀት ይደክማል። ወደ ጨረቃ የቀረበው ውኃ አብዝቶ ይሳባል፤ የምድር እምብርት መካከለኛ ሆኖ ይሳባል፤ በወዲያ ማዶ ያለው ውኃ ደግሞ ከሁሉ አነሰ አድርጎ ይሳባል።

ነገሩ ግልጥ ይሆን ዘንድ ሦስት በቅሎዎች በአንድ መንገድ ተከታትለው ወደ ገበያ ሲሄዱ እናስብ። ፊተኛዪቱ ፈጣን ናት፤ መካከለኛዪቱ ደኅና ትሄዳለች፤ ኋለኛዪቱ ግን ዘገምተኛ ናት። ሦስቱም የሚሄዱት ወደ አንድ ወገን ነው፤ ወደ ኋላ የተመለሰች አንዲት እንኳ የለችም። በመካከለኛዪቱ ላይ የተቀመጠው ሰው ግን ፊቱን ቢመለከት ፊተኛዪቱ እየራቀችው ትሄዳለች፤ ዞሮ ቢመለከትም ኋለኛዪቱ እየራቀችው ትቀራለች። ሌላ ነገር የማያይ ቢሆን ኖሮ «አንዲቱን ወደ ፊት፣ አንዲቱን ወደ ኋላ የሚጎትት አለ» ባለ ነበር። እኛም በምድር ላይ ስንኖር በመካከለኛዪቱ በቅሎ ላይ እንደ ተቀመጠው ሰው ነን። በጨረቃ በኩል ያለው ውኃ ከምድር ቀድሞ ወደ ጨረቃ ያዘነብላል፤ በማዶ ያለውን ውኃ ግን ምድር ራስዋ ቀድማው ወደ ኋላ ታስቀረዋለች። ስለዚህ በሁለቱም ወገን ውኃው ከምድር ራቅ ብሎ ከፍ ይላል፤ የባሕሩም መልክ እንደ ሎሚ ሁለት ጫፍ ያወጣል። አንዱ ጫፍ ወደ ጨረቃ፣ አንዱም ወደ ተቃራኒው ያመለክታል።

«ምድር ወደ ጨረቃ የምትሄድ ከሆነች ለምን አይጋጩም?» የሚል ቢኖር፣ ሁለቱ በጋራ ማእከላቸው ዙሪያ ስለሚዞሩ ነው ብለን እንመልሳለን። በገመድ ጫፍ የታሰረ ድንጋይ ሲወነጨፍ ገመዱ ዘወትር ወደ እጅ እንደሚስበውና ድንጋዩ ግን እጅ ላይ እንደማይወድቅ፣ ምድርም ወደ ጨረቃ ዘወትር ትሳባለች፤ ነገር ግን እየዞረች ስለ ሆነ አትደርስባትም።

አሁን ቍጥሩን ጥቂት እንመልከት፤ ብዙ አይደለም። ከምድር እምብርት እስከ ጨረቃ ያለው ርቀት በአማካይ 384,400 ኪሎ ሜትር ነው። ከምድር እምብርት እስከ ባሕሩ ፊት ደግሞ 6,370 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ይህም የጨረቃ ርቀት አንድ ስድሳኛ መሆኑ ነው። ጨረቃ የምድርን እምብርት የምትስብበትን ኀይል 1,000 ድርሻ ብለን ብንነሣ፣ በፊቷ በኩል ያለውን ውኃ በ1,034 ድርሻ ትስበዋለች፤ በማዶ ያለውን በ967 ድርሻ ትስበዋለች። እንግዲህ ከመካከለኛው ጋር ሲመዛዘን በፊት ያለው 34 ይበልጣል፤ በኋላ ያለው 33 ያንሳል። ሁለቱ ልዩነቶች እኩል ለመሆን ጥቂት ብቻ እንደ ጎደላቸው ልብ ይሏል። በማዶ ያለው ሙላት በጨረቃ በኩል ካለው ሙላት የማያንስበት ምክንያት ይህ ነው።

ይህ ኀይል እጅግ ትንሽ መሆኑንም መናገር ይገባል። ጨረቃ በአናቱ ላይ የቆመችበት 90 ኪሎ የሚመዝን ሰው ክብደቱ የሚቀንሰው በአንድ ግራም አንድ መቶኛ ያህል ነው፤ ማለት ከዘጠኝ ሚሊዮን አንድ እጅ ነው። እንዲህ ያለ ደካማ እጅ ውኃን ከወለሉ ብድግ አድርጎ ሊያነሣው አይችልም። ታዲያ ሙላቱ ከወዴት ይመጣል? ውኃው የሚሰበሰበው ከጎን በመንሸራተት ነው። ጨረቃ በአግድም በምትታይበት ወገን ያለው ውኃ በጥቂት በጥቂቱ ወደ ሁለቱ ጫፎች ይሳባል። ወደ ላይ ለማንሣት ክብደትን ማሸነፍ ያስፈልጋል፤ ወደ ጎን ለማንሸራተት ግን ጥቂት ኀይል በሰፊ ባሕር ላይ ለብዙ ሰዓት ከሠራ ይበቃል። ብዙ መጻሕፍት ይህን ሳይነግሩን «ጨረቃ ውኃውን አነሣችው» ብለው ማለፋቸው አንባቢን የሚያሳስት ይመስለናል።

ከዚህም የተነሣ ለሀገራችን ሰው የሚገባ አንድ ጥያቄ መልስ ያገኛል፤ ጨረቃ ባሕርን የምታንቀሳቅስ ከሆነች ጣናን ስለ ምን አታንቀሳቅሰውም? ጣና ከዳር እስከ ዳር ሰማንያ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለምድር ስፋት ይህ ኢምንት ነውና ሐይቁ በሙሉ ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ሊባል በሚችል ስበት ይሳባል፤ ውኃውን የሚያበድሩት ሩቅ ወገኖችም የሉትም። ስለዚህ የጨረቃ ሥራ በጣና ላይ ከአንድ ሳንቲ ሜትር የማይደርስ ነው፤ ትንሽ ነፋስ ወደ አንድ ዳር ሲገፋው እንኳ ከዚህ የበለጠ ይሆናል። ክረምት ሲገባ ጣና ከፍ ማለቱ፣ በበጋም ዝቅ ማለቱ ከዝናብና ከወንዞች ነው እንጂ ከሰማይ አካላት አይደለም።

ወደ ባሕሩ እንመለስ። ሎሚው ሁለት ጫፍ ካለው፣ ምድርም በውስጡ የምትዞር ከሆነች፣ በወደብ የሚኖር ሰው በአንድ ዙር ሁለቱንም ጫፍ ያልፋል ማለት ነው፤ ስለዚህ ሁለት ሙላት፣ በመካከሉም ሁለት ጉድለት ያያል። ነገር ግን ምድር አንድ ጊዜ ስትዞር ጨረቃም ቆማ አትጠብቅም፤ በመንገዷ ወደ ፊት ትራመዳለች። ያ ሰው እንደ ገና ከጨረቃ በታች ለመድረስ 50 ደቂቃ ያህል ተጨማሪ ያስፈልገዋል። ጨረቃ በየቀኑ እየዘገየች የምትወጣው ስለዚህ ነው፤ ባሕሩም እርስዋን ተከትሎ ይዘገያል። ዛሬ ከጧቱ በ2 ሰዓት ሙላት ከሆነ፣ ከቀትር በኋላ በ8 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ገደማ ጉድለት ይሆናል፤ ከምሽቱ በ2 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ዳግመኛ ይሞላል፤ ነገ ጧት ደግሞ ሙላቱ በ2 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ይመጣል። ከአንድ ሳምንት በኋላ ይህ መዘግየት ተጠራቅሞ ወደ ስድስት ሰዓት ይጠጋል፤ እንግዲህ ዛሬ ሙላት ባየንበት ሰዓት ያን ጊዜ ጉድለት ቀርቦ እናገኘዋለን።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ጨረቃ ብቻ ነው። ፀሓይስ? ፀሓይ ምድርን የምትስብበት ኀይል ከጨረቃ 179 ጊዜ ያህል ይበልጣል። ይህን የሰማ ሰው «እንግዲያስ ባሕርን የምትገዛው ፀሓይ ልትሆን በተገባ ነበር» ቢል አይፈረድበትም። ነገር ግን ሙላትን የሚሠራው ልዩነቱ ነው ብለናልና በዚያው ሚዛን እንመዝናት። ጨረቃን 1,000 ብለን የጀመርነውን ቍጥር ብንቀጥል፣ ፀሓይ የምድርን እምብርት በ179,000 ድርሻ ትስባለች። ነገር ግን ርቀትዋ 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ስለ ሆነ፣ ለእርስዋ የምድር ፊትና ኋላ አንድ ሊባሉ ምንም አልቀራቸውም። በፊቷ ያለውን ውኃ በ179,015 ትስበዋለች፤ በማዶ ያለውን በ178,985። ልዩነቱ በየወገኑ 15 ብቻ ሆነ። የጨረቃ 33 ነበረ። ታላቂቱ ፀሓይ በባሕር ላይ ያላት ሥልጣን ከትንሺቱ ጨረቃ እኩሌታ ጥቂት ያነሰ የሆነው ስለዚህ ነው።

እነዚህ ሁለት ቍጥሮች በእጃችን ካሉ የወሩን ነገር ራሳችን ልናወጣው እንችላለን። ጨረቃ በምትሠርቅበት ቀን ፀሓይና ጨረቃ በአንድ ወገን ናቸው፤ 33 እና 15 ተደምሮ 48 ይሆናል። ጨረቃ ሙሉ በምትሆንበት ቀን ደግሞ በተቃራኒ ወገን ይቆማሉ። በዚህ ቀን እርስ በርሳቸው የሚሻሙ ይመስላል፤ ነገር ግን እያንዳንዳቸው ሁለት ጫፍ ያለው ሎሚ ስለሚሠሩ ሎሚዎቹ አሁንም በአንድ መሥመር ይጋጠማሉ፤ ድምሩም ያው 48 ነው። ጨረቃ ግማሽ ሆና በምትታይበት ጊዜ ግን አንዱ ሎሚ ከሌላው ጋር መስቀልኛ ይሆናል፤ ጨረቃ በምታስሞላበት ፀሓይ ታጎድላለች፤ ከ33 ላይ 15 ተቀንሶ 18 ይቀራል። ስለዚህ በአንድ ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ ታላቅ ሙላትና ጥልቅ ጉድለት፣ ሁለት ጊዜም ልከኛ ሙላትና ልከኛ ጉድለት ይሆናል። ውኃው ግን ከባድ ነውና ወዲያው አይታዘዝም፤ በብዙ ስፍራ ከሁሉ ታላቁ ሙላት የሚታየው ከሠርቁ ወይም ከሙሉ ጨረቃው አንድ ወይም ሁለት ቀን ዘግይቶ ነው።

ባሕረ ሐሳብን የተማሩ አባቶቻችን የጨረቃን ዕድሜ ቀን በቀን ይቆጥራሉ። ከእነርሱ አንዱ ወደ ባሕር ዳር ቢወርድ፣ በየትኛው ሌሊት ውኃው አብዝቶ እንደሚመጣ ያለ መጽሐፍ ሊናገር ይችል ነበር።

ይህን ባለማወቅ ሠራዊት የተጐዳበት ታሪክ ራሱ የተጐዳው አለቃ በጻፈው መጽሐፍ ተመዝግቦ ይገኛል። ከጌታችን ልደት 55 ዓመት በፊት የሮማው ጁልየስ ቄሣር ሁለት ሌጌዎን ጭፍራ በሰማንያ ያህል መርከብ አሳፍሮ ከጋልያ ወደ ብሪታንያ ተሻገረ። በደረሰ በአራተኛው ቀን ሌሊት ጨረቃ ሙሉ ነበረች። የሮማ ሰዎች ያደጉት በሜዲቴራኒያን ባሕር ዳር ነው፤ ያም ባሕር በጠባብ በር ብቻ ከውቅያኖስ ጋር የተገናኘ ስለ ሆነ ሙላቱ በብዙ ስፍራ ለዓይን አይታይም። ስለዚህ የጦር ጀልባዎቻቸውን በሀገራቸው እንዳስለመዱት ወደ አሸዋው ስበው አቆሙ። በዚያች ሌሊት ታላቁ ሙላት መጣና በየብስ ያሉትን ጀልባዎች ውኃ ሞላባቸው፤ በመልሕቅ የቆሙትን ታላላቅ መርከቦች ደግሞ ዐውሎ ነፋስ አንገላታቸው። ዐሥራ ሁለት መርከቦች ጠፉ፤ ሌሎቹም ገመድና መልሕቅ አጡ። ስንቅ ሳይዙ የተሻገሩት ሮማውያን መመለሻም ሳይኖራቸው ቀሩ፤ የሀገሩ ሰዎችም ይህን አይተው ልባቸው በረታና ለውጊያ ተነሡ። ቄሣር ስለዚህ ነገር ሲጽፍ፣ ሙሉ ጨረቃ በውቅያኖስ ላይ ታላቅ ሙላት እንደምታመጣ ሰዎቹ አያውቁም ነበር ይላል።

እዚህ ላይ ግን አንባቢ ሌላ ነገር ሊጠይቀን ይገባል። ምድር በሙሉ ጥልቅ ውኃ ብትለብስ ኖሮ የጨረቃ ሙላት ከጉድለቱ የሚበልጠው በግማሽ ሜትር ገደማ ብቻ በሆነ ነበር። ነገር ግን በካናዳ ፈንዲ በሚባለው የባሕር ሰርጥ ውኃው እስከ 16 ሜትር ይወጣል፤ ይህም ከባለ አራት ፎቅ ቤት የሚበልጥ ነው። ሎሚያችን ይህን አያስረዳም።

የሚያስረዳው ውኃ የተሞላ ገበቴ ነው። ገበቴ ይዘን ስንሄድ ውኃው ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል። እርምጃችን ከውኃው ውዝዋዜ ጋር የተስማማ እንደ ሆነ፣ እያንዳንዱ እርምጃ ትንሽ ብቻ ቢገፋውም ውዝዋዜው እየበረታ ሄዶ ከአፉ ይፈሳል፤ እርምጃችንን ብንለውጥ ግን ይበርዳል። እያንዳንዱ የባሕር ሰርጥም እንደ ስፋቱና እንደ ጥልቀቱ የራሱ የሆነ የመወዛወዣ ጊዜ አለው። የፈንዲ ጊዜ ወደ 13 ሰዓት ስለሚጠጋ ከውቅያኖሱ በየ12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ የሚመጣው ግፊት ከእርሱ ጋር ይስማማል፤ ስለዚህ ትንሹ ግፊት ተደራርቦ ታላቅ ይሆናል። በእውነተኛው ዓለም አህጉራት መንገድ ይዘጋሉና ሎሚው ሳይቋረጥ ምድርን ሊዞር አይችልም። ጨረቃና ፀሓይ ግፊቱን ይሰጣሉ፤ ባሕሩ ግን በየገበቴው እንደ መልኩ ይወዛወዛል።

ቀይ ባሕር ራሱ ለዚህ መልካም ምሳሌ ነው። ረጅምና ጠባብ ገንዳ ይመስላል፤ በደቡብ በባብ ኤል መንደብ ጠባብ በር ይከፈታል። ውኃው እንደ ሚዛን ይወዛወዛል፤ የሰሜኑ ጫፍ ሲሞላ የደቡቡ ይጎድላል፤ የደቡቡ ሲሞላ የሰሜኑ ይጎድላል። በስዊዝ ታላቁ ሙላት ከጉድለቱ የሚበልጠው በአንድ ሜትር ተኩል ገደማ ነው፤ በኤርትራ በምትገኘው በምጽዋ ደግሞ አንድ ሜትር ያህል ነው። በመካከል፣ ፖርት ሱዳንና ጅዳ በሚገኙበት አካባቢ ግን፣ የሚዛን ምላስ እንደማይወጣና እንደማይወርድ ሁሉ ውኃው በቀን ውስጥ የሚለወጠው በጥቂት ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ያው አንድ ባሕር ነው፤ ጨረቃዋም አንዲት ናት። በፖርት ሱዳን ያደገ ሰው «ባሕር በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል» ቢባል ላያምን ይችላል፤ በእርሱ ዘንድ የሚታየው ታላቁ ለውጥ ውኃው በክረምቱ ወራት፣ ማለት በታኅሣሥና በጥር አካባቢ ከፍ ብሎ፣ በሐምሌና በነሐሴ ዝቅ ማለቱ ነው፤ ይህም ከነፋስ የሚመጣ እንጂ ከጨረቃ አይደለም።

ሁለት ሙላት መኖሩም ቢሆን በሁሉ ስፍራ የጸና ሕግ አይደለም። ጨረቃ ዘወትር ከምድር ወገብ በላይ አትቆምም፤ በወር ውስጥ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ትወጣለች። ወደ ሰሜን በወጣች ጊዜ ሎሚው ያዘነብላል፤ በእርስዋ በኩል ያለው ጫፍ በሰሜን፣ የማዶው ጫፍ በደቡብ ይሆናል። በሰሜን የሚኖር ሰው እንግዲህ በአንዱ ጫፍ አጠገብ ያልፋል፤ ከሌላው ግን ይርቃል፤ ስለዚህ በዚያ ቀን አንዱ ሙላቱ ትልቅ፣ ሁለተኛው ትንሽ ይሆንበታል። የገበቴው መልክ ይህን አለመተካከል የሚያጸና ሲሆን ትንሹ ሙላት ጨርሶ ይጠፋል። በሰሜን ቬትናም በቶንኪን ሰርጥ ባሕሩ በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ይሞላል፤ ይህን ወሬ ኒውተን በዘመኑ ሰምቶ በመጽሐፉ ውስጥ ሊያስረዳው ደክሟል።

ስለዚህ መርከበኛ በሎሚው ሥዕል ብቻ ተማምኖ ወደብ አይገባም። በየወደቡ በውኃው ውስጥ መለኪያ ተተክሎ የውኃው ከፍታ ለብዙ ጊዜ ይመዘገባል፤ ከዚያም የጨረቃና የፀሓይ እያንዳንዱ እንቅስቃሴ በዚያ ወደብ ምን ያህል እንደሚሠራ ይለያል። አንዴ ከተለየ በኋላ የሰማይ አካላት መንገድ የታወቀ ስለ ሆነ፣ የሙላቱ ሰዓትና ቁመት ከብዙ ዓመት በፊት አስቀድሞ ሊሰላ ይችላል። በየወደቡ የሚታየው የሙላት ሰንጠረዥ የሚዘጋጀው በዚህ መንገድ ነው። በአንድ ወደብ ለሚኖር ሰው ደግሞ ቀላል ምልክት አለው፤ ጨረቃ ሙሉ በሆነችበት ቀን ውኃው በስንት ሰዓት እንደሞላ ቢጽፍ፣ በሚመጣው ወርም ጨረቃ ሙሉ ስትሆን በዚያው ሰዓት አካባቢ ሲሞላ ያገኘዋል።

ሰንጠረዡ የማያውቀው ግን አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ነፋስ ነው። እ.ኤ.አ. ከጥር 31 እስከ የካቲት 1 ቀን 1953 በነበረችው ሌሊት በሰሜን ባሕር ላይ ብርቱ ዐውሎ ነፋስ ተነሥቶ ውኃውን ወደ ደቡብ፣ ባሕሩ ወደሚጠብበት ወገን ገፋው። ጨረቃ ሙሉ ከሆነች ገና ሁለት ቀንዋ ነበር፤ እንግዲህ ወቅቱ የታላቁ ሙላት ወቅት ነበር። ሰንጠረዡ የሙላቱን ሰዓት በትክክል ተናግሯል፤ ነፋሱ የጨመረውን ውኃ ግን አልተናገረም፤ ሊናገርም አይችልም። በኔዘርላንድ ግድቦቹ ተናዱና ከ1,800 በላይ ሰዎች በአብዛኛው በተኙበት ሰጠሙ፤ በእንግሊዝም ከ300 በላይ ሞቱ። ከዚያ ወዲህ በእነዚህ ሀገሮች የጨረቃን ሰንጠረዥ የሚያሰሉትና የአየሩን ጠባይ የሚመለከቱት ሰዎች ሥራቸውን አጋጥመው፣ ዐውሎ ነፋሱ ከታላቁ ሙላት ጋር የሚገናኝ መሆን አለመሆኑን አስቀድመው ለሕዝቡ ይናገራሉ። ያው ዐውሎ ነፋስ ጨረቃ ግማሽ በሆነችበት ሳምንት፣ ወይም በዚያችው ሌሊት ውኃው በጎደለበት ሰዓት ቢደርስ ኖሮ፣ ውኃው ወደ ግድቦቹ አናት የሚቀርበው በብዙ ዝቅ ብሎ ነበር።